ትኬቱን የሚቆርጠው ቀጣሪ

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የታይላንድ ጦር በምዕራባዊው ድንበር ላይ 260 የሚያህሉ ሰዎችን ተረከበ። ሰዎቹን ያስረከበው ከወንዙ ማዶ፣ በምያንማር ግዛት ውስጥ፣ አካባቢውን የተቆጣጠረ ታጣቂ ቡድን ነበር። ከ20 ያህል አገሮች የሄዱ ናቸው። ዜግነታቸው ሲመዘገብ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 138ቱ፣ ኢትዮጵያውያን ሆነው ተገኙ። ከተለቀቁት መካከል በድብደባና በኤሌክትሪክ ንዝረት የቆሰለ ገላቸውን ለጋዜጠኞች ያሳዩ ነበሩበት።

ይህን ዜና የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ልጆቻችን እዚያ ድረስ እንዴት ሄዱ? በበረሃ በእግር አልተጓዙም፤ በጀልባም ባሕር አላቋረጡም። እንዲህ ያለው ጉዞ የሚጀመረው ከቦሌ ነው፤ ፓስፖርት ተመትቶ፣ ቤተሰብ ሸኝቶ፣ በመደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን። በእጅ የያዙት ደግሞ ባንኮክ ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ ሥራ ማግኘታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው።

ስለ ሐሰተኛ የሥራ ቅጥር ስንመካከር በብዛት የምንሰጠው ምክር «አስቀድመህ ገንዘብ አትክፈል» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። «ለፎርም»፣ «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና» እያሉ በቴሌብር ገንዘብ ተቀብለው የሚጠፉ ብዙዎች ስላሉ ምክሩ ብዙ ሰው አድኗል። ወደ ታይላንድ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ይኸው ምክር ሰዎችን አዘናግቷል። ይኛው ቀጣሪ ብዙውን ጊዜ ምንም አይጠይቅም። ትኬቱን ራሱ ይቆርጣል፣ ለሆቴል ይከፍላል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መኪና ይልካል። «ሌባ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ይጠይቀኝ ነበር» ብሎ ያሰበ ወጣት ሞኝ አይደለም፤ የተማረውን ምክር ነው የተጠቀመው። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ማጭበርበር ለመለየት ሌሎች ምልክቶችን ማወቅ ያስፈልጋል። ምልክቶቹም ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ አሉ።

በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች የሚዘዋወሩት ማስታወቂያዎች ስለሚመሳሰሉ፣ ከተለመዱት አባባሎች አንድ ምሳሌ አዘጋጅቼ እዚህ ላስቀምጥ።

«ለታይላንድ፣ ባንኮክ። የደንበኞች አገልግሎትና ዳታ ኢንትሪ። ዕድሜ ከ20 እስከ 35። እንግሊዝኛ የሚችል፣ በኮምፒውተር ፈጣን የሆነ። የሥራ ልምድ አይጠየቅም። ደመወዝ 1,200 ዶላር እና ኮሚሽን። ምግብና መኖሪያ በኩባንያው። ቪዛና ትኬት በኩባንያው። ምንም ክፍያ የለም። ቦታው ውስን ስለሆነ ፓስፖርት ያላችሁ ብቻ በውስጥ መስመር አናግሩን።»

ሲታይ ምንም የማያስደነግጥ መልእክት ነው። ደመወዙ የሕልም ደመወዝ አይደለም፤ አጭበርባሪዎቹ 10,000 ዶላር ብለው ሰው አያስደነብሩም። ነገር ግን በባንኮክ የሥራ ገበያ ዓይን እንየው። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር የታይላንድ ወጣት በቢሮ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በወር ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ባት ነው፤ በዶላር ሲታሰብ ወደ 450 እና 600 መካከል ይሆናል። የአገሩን ቋንቋ የሚናገር፣ ቤቱ እዚያው ያለ፣ የተማረ ሰው በዚህ ዋጋ እያለ፣ ልምድ የሌለውን ሰው ከአዲስ አበባ በእጥፍ ደመወዝ፣ ትኬትና መኖሪያ ጨምሮ የሚያስመጣ ኩባንያ ምን ፈልጎ ነው? ሒሳቡ አይመጣም። ማንኛውንም የውጭ አገር ቅጥር በዚህ መንገድ መመዘን ይቻላል፤ የሚነጻጸረው የእኛ አገር ደመወዝ ሳይሆን በዚያው ከተማ ያ ሥራ የሚከፈልበት ዋጋ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የታይላንድ አሠራር ነው። በመደበኛው የሥራ ፈቃድ ደንብ አንድ የግል ኩባንያ ለሚቀጥረው ለእያንዳንዱ የውጭ ዜጋ አራት ታይላንዳውያን ሠራተኞችና 2 ሚሊዮን ባት የተከፈለ ካፒታል እንዲኖረው ይጠበቃል። ሃምሳ ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችን በአንድ ጊዜ እቀጥራለሁ የሚል ኩባንያ በዚህ ስሌት ሁለት መቶ የአገሬው ሠራተኞችና 100 ሚሊዮን ባት ሊኖሩት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ሰው የሚፈልገው በቴሌግራም የውስጥ መስመር አይሆንም።

ከዚያ ደግሞ «ደንበኞች» የተባሉት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ነው። ባንኮክ ውስጥ ላለ ደንበኛ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የታይ ቋንቋ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያው ግን እንግሊዝኛና ፈጣን የጣት ምት ብቻ ነው የሚፈልገው። ምክንያቱ ቆይቶ ግልጽ ይሆናል፤ በሌላኛው ጫፍ ያሉት ሰዎች አሜሪካ፣ አውሮፓና ሌላም ቦታ የሚኖሩ የማጭበርበሩ ዒላማዎች ናቸው። የሕንድ መንግሥት ገና በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለወጣቶቹ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ታይላንድ ውስጥ «የዲጂታል ሽያጭና ማርኬቲንግ» ሥራ በሚል ስም የኮምፒውተር ችሎታ ያላቸው ሰዎች እየተታለሉ ወደ ምያንማር እንደሚወሰዱ ገልጾ ነበር። የሥራው መጠሪያ ይለዋወጣል፤ ዳታ ኢንትሪ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ ትርጉም፣ የጨዋታ ድረ ገጽ ድጋፍ ይባላል። የሚፈለጉት ችሎታዎች ግን አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ፈጣን መተየብ፣ ወጣትነትና በእጅ ያለ ፓስፖርት።

ቃለ መጠይቁ ሌላው ማሳያ ነው። ብዙውን ጊዜ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ጠያቂው ካሜራውን አይከፍትም፣ ወይም ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ብቻ ይታያል። የመተየብ ፍጥነት ይለካል፣ «ራስህን በእንግሊዝኛ አስተዋውቅ» ይላል፣ ፎቶ ያስልካል። ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሙሉ ቁመና ፎቶ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። ትምህርትን፣ የቀድሞ አሠሪን፣ ምስክርን የሚመለከት ጥያቄ አይነሳም። አንድ እውነተኛ ቀጣሪ ለትኬትና ለቪዛ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚቀጥረውን ሰው ማንነት ማጣራት ይፈልጋል። ይኛው አይፈልግም። ይልቁንም «ፓስፖርቱ ለስንት ጊዜ ያገለግላል? መቼ መነሳት ትችላለህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ቶሎ ይመጣሉ። ቃለ መጠይቁ በተደረገ ማግስት የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰ፣ ያ ፍጥነት ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባል።

ደብዳቤው ላይ አርማ፣ ማኅተምና ፊርማ ይኖራል። እነዚህ ለማንም የሚቸግሩ አይደሉም። መታየት ያለበት የሌለው ነገር ነው፤ የሥራ ቦታው ሙሉ አድራሻ፣ የኩባንያው የምዝገባ ቁጥር፣ የአሠሪው መደበኛ ስልክ። በታይላንድ የተመዘገበ ኩባንያ ሁሉ 13 አሃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር አለው፤ በአገሪቱ የንግድ ልማት መምሪያ በኩልም ይፈለጋል። ቁጥሩን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም። ቁጥር ቢሰጡ እንኳ አንድ እርምጃ ይቀራል፤ አጭበርባሪዎች በእውነት ያለን ኩባንያ ስም ይዋሳሉና፣ ሥራ ፈላጊው የኩባንያውን ስልክ ራሱ ፈልጎ ደውሎ «በስማችሁ ይህ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው ስልክ መደወል ግን አጭበርባሪውን ስለ ራሱ መጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ እንዲባል የምፈልገው የቪዛው ነገር ነው። ሌሎቹ ምልክቶች ጥርጣሬ ያስነሣሉ፤ ይህ ግን ነገሩን ይቆርጠዋል።

በታይላንድ ሕግ የውጭ ዜጋ ተቀጥሮ ለመሥራት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ለሥራ የሚሰጥ «ኖን ኢሚግራንት ቢ» የተባለ ቪዛና የሥራ ፈቃድ። ቪዛው በመደበኛው አካሄድ ከጉዞ በፊት፣ ቀጣሪው ኩባንያ ሰነዶቹን አቅርቦ፣ በታይላንድ ኤምባሲ በኩል ወይም በመንግሥት የቪዛ ድረ ገጽ ላይ thaievisa.go.th ይጠየቃል። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ኩባንያውም ራሱን ለመንግሥት መግለጥ አለበት። አጭበርባሪው ሊያደርገው የማይችለው ይህንን ነው። ስለዚህ ሌላ በር ይጠቀማል። ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው ታይላንድ ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የ15 ቀን የጉብኝት ቪዛ ማግኘት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ባንኮክ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አላት። ኤምባሲ ሳይኬድ፣ ማንም ሳያጣራ፣ በአንድ ሌሊት መድረስ ይቻላል ማለት ነው። በእኔ ግምት ያን ያህል ኢትዮጵያውያን እዚያ የተገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ምቹ መንገድ ነው።

«በቱሪስት ግባ፣ እዚህ ስትደርስ እንቀይርልሃለን» የሚለው ቃል በሥራ ፈላጊው ጆሮ እንደ ቀላል የወረቀት ጉዳይ ይሰማል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። የሚሄደው ሰው በአገሪቱ መዝገብ ላይ ሠራተኛ ሆኖ አይታወቅም፤ ቀጣሪ አለው ተብሎ የተጻፈበት አንድም ሰነድ የለም። 15ቱ ቀን ሲያልፍ ሕገወጥ ይሆናል፣ ፖሊስ ዘንድ ለመሄድም ይፈራል። ከዚያም በላይ «ለኢሚግሬሽን ለጉብኝት ነው የመጣሁት በል፤ ሥራ የሚለውን ቃል እንዳታነሳ» ይሉታል። የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ቦታ ማስያዣ የሚልኩለትም ለማሳያ እንጂ ሊመልሱት አይደለም። ቀጣሪ ለመንግሥት እንድትዋሽ ካዘጋጀህ፣ ከመንግሥት የሚደብቀው ነገር አለ። ስለዚህ የሥራ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ወይም በኢሜይል ሳይደርስ ትኬት አለመቀበል አብዛኛውን ወጥመድ ይዘጋዋል። እውነተኛ ቀጣሪ ለዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው። የሚቆጣ፣ የሚያጣድፍ፣ «ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ» የሚል ካለ መልሱን ሰጥቷል።

በአገራችን በኩል ያለውም ሕግ ተመሳሳይ ማጣሪያ አለው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው 1246/2013 መሠረት፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው፣ የሥራ ውሉም በመንግሥት ሊጸድቅ ይገባል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አሠሪ ትኬት መክፈሉ በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ሕጉም የሚያዘው ነው። ልዩነቱ በሕጋዊው መንገድ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ተመዝግቦ፣ ሰውየው የት፣ ለማን ሊሠራ እንደሄደ መንግሥት ማወቁ ነው። በቴሌግራሙ መንገድ ግን መንግሥት አያውቅም፣ ኤጀንሲ የለም፣ ትኬት ብቻ አለ። ስለ አንድ ኤጀንሲ ፈቃድ ለማወቅ ሚኒስቴሩን ወይም የክልሉን የሥራና ክህሎት ቢሮ በአካል መጠየቅ ይቻላል፤ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱም lmis.gov.et ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ብዙ ሰው «እኔ የማላውቀውን ማስታወቂያ አላምንም» ይላል። ግን ወሬው የሚደርሰው ከማያውቁት ሰው ብቻ አይደለም። የሠፈር ልጅ፣ አብሮ የተማረ፣ የአክስት ልጅ ይደውላል። «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰው እየፈለጉ ነው፣ ስምህን ሰጥቼልሃለሁ» ይላል። ፎቶ ይልካል፣ ድምፁም ራሱ ነው። በእኛ ባህል ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም።

ከግቢዎቹ የወጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ሰው ማስመጣት የመውጫ ዋጋ ተደርጎ ይቀርባል። «ይህን ያህል ሰው ካመጣህ ትለቀቃለህ» ወይም «ዕዳህ ይቀነሳል» ይባላሉ። አንዳንዱ ለጉርሻ ብሎ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ከኋላው ሰው ቆሞበት፣ ጽሑፉ ተሰጥቶት እያነበበ ነው የሚደውለው። ስለዚህ ደዋዩን ከመውቀስ በፊት፣ በነፃነት እየተናገረ መሆኑን ማወቅ ይበጃል።

ይህን ለማጣራት አስቸጋሪ ዘዴ አያስፈልግም። በድንገት በቪዲዮ መደወል፣ «እስቲ ወደ ውጭ ወጥተህ መንገዱን አሳየኝ» ማለት፣ ያለበትን ቦታ በካርታ እንዲልክ መጠየቅ ነው። ባንኮክ ውስጥ በነፃነት የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲወጣ ታክሲውን፣ ገበያውን ማሳየት አይቸግረውም። ሁልጊዜ ከአንድ ክፍል ውስጥ የሚደውል፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚገኝ፣ ቦታ ላክ ሲባል ወሬ የሚቀይር ከሆነ ችግር አለ። በአማርኛ ወይም በሌላ የቤት ቋንቋ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን የልጅነት ነገር አንስቶ መጠየቅም ይጠቅማል፤ በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ሆን ብሎ የተሳሳተ መልስ በመስጠት ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

አሁን ትኬቱ ተቆርጦ፣ ሰውየው ባንኮክ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሷል እንበል። ስሙን የያዘ ሹፌር ይጠብቀዋል። ከዚያ እስከ ባንኮክ መሀል ከተማ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ቢጨናነቅ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ አይገባም። የሚወሰድበት ቦታ ግን ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ናት፤ ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ በመኪና ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ መኪና ይቀያየራል፣ ሹፌሮቹ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ለጥያቄ መልስ የለም። ከሜ ሶት ማዶ ሞኢ የተባለ ጠባብ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ምያዋዲ፣ የምያንማር ግዛት።

አንድ በሰፊው የታወቀ ጉዳይ ይህን ጉዞ በግልጽ ያሳያል። ዋንግ ሺንግ የተባለ ቻይናዊ ተዋናይ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ለፊልም ሥራ ተጠርቻለሁ ብሎ ባንኮክ ገባ። ከአውሮፕላን ማረፊያው የተቀበለው መኪና ወደ ፊልም ቀረጻ ሳይሆን ወደ ሜ ሶት፣ ከዚያም ወንዙን አሻግሮ ወደ ምያዋዲ ወሰደው። ቻይና ውስጥ ጉዳዩ መነጋገሪያ ስለሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጸጉሩ ተላጭቶ ተገኘና ወደ ታይላንድ ተመለሰ። ሙያ ያለው፣ የቅጥር ውል ማንበብ የለመደ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር በዚያው መንገድ የሄዱ፣ ማንም ያልጮኸላቸው ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ምያንማር ውስጥ ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰዎች ተገድደው በኢንተርኔት ማጭበርበር ሥራ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል።

ግቢዎቹ በአጥርና በታጣቂ የተከበቡ ናቸው፤ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ኬኬ ፓርክ ይባላል። የገባው ሰው ስልኩና ፓስፖርቱ ይወሰዳል፤ የተቆረጠለት ትኬት፣ የመኪናው፣ የምግቡ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል። ከአሥር ሰዓት በላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አሥራ ሰባት ሰዓት፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በሐሰት ስምና ፎቶ የባሕር ማዶ ሰዎችን በፍቅር ወይም በወዳጅነት እያግባባ ገንዘባቸውን በሐሰተኛ የክሪፕቶ ገበያ እንዲያስገቡ ያደርጋል። የታዘዘውን ያህል ካላመጣ ይደበደባል። መውጣት ከፈለገ «ካሳ» ይጠየቃል፤ ወይም ለሌላ ግቢ ይሸጣል። ትኬቱን የቆረጠው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባል።

ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ታይላንድ ወደ እነዚህ የድንበር አካባቢዎች የምታቀርበውን ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅና ኢንተርኔት አቋረጠች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከግቢዎቹ የወጡ ወደ 7,000 የሚሆኑ ሰዎች ድንበሩ ላይ በጊዜያዊ መጠለያ ተሰብስበው ተራ ይጠብቁ ነበር። የአንዳንድ አገሮች ዜጎች በተዘጋጀላቸው አውሮፕላን ቶሎ ሄዱ፤ ትኬት የሚሸፍንላቸው ያልተገኘ አፍሪካውያን ግን ረጅም ጊዜ ቆዩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራው አልቆመም። ሰው ስለ ታይላንድ ሲጠነቀቅ ማስታወቂያው ላኦስ፣ ካምቦዲያ ወይም ሌላ አገር ብሎ ይመጣል። የአገሩ ስም ቢለወጥም፣ የቱሪስት ቪዛው፣ የተጣደፈው ቃለ መጠይቅና የማይታየው ኩባንያ ያው ናቸው።

መንገድ ላይ ሆኖ የተጠራጠረ ሰው ምን ያድርግ? ቀላሉ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ከመንገደኞች መቀበያው ሳይወጡ ለኢሚግሬሽን ወይም ለፖሊስ መናገር ይቻላል፤ ወደ ቤት መመለስ ሊያሳፍር ይችላል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የታይላንድ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው፣ በእንግሊዝኛ ያናግራል፤ የሰው ንግድን ጨምሮ ለማኅበራዊ ድጋፍ የተመደበው ቁጥር ደግሞ 1300 ነው። መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ አቅጣጫውን ማየት፣ ቀጥታ የሚከታተል ቦታ ለቤተሰብ መላክ ያስፈልጋል። ካርታው ከባንኮክ እየራቁ መሆኑን ካሳየ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የምግብ ቤት ማቆሚያ ላይ ወርዶ ሰው ባለበት መቅረት ይሻላል። ወደ ሜ ሶት በሚወስደው መንገድ ላይ የፖሊስ ኬላዎች አሉ፤ እዚያ ድምፅ ማሰማት የሚቻልበት የመጨረሻው ቦታ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርትን ለሹፌር አለመስጠት፣ በመንገዱ ሁሉ ኪስ ውስጥ ማቆየት ነው።

ሰውየው ከወንዙ ማዶ ከገባ በኋላ ሸክሙ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። ስልክ ይደወላል፣ ልመናና ልቅሶ ይሰማል፣ ገንዘብ ይጠየቃል። ንብረት ሸጦ ለመላክ መቻኮልን ማንም አይኮንንም። ሆኖም ገንዘብ የተከፈለላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ የቀሩበት፣ ለሌላ ግቢ የተሸጡበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከክፍያው ጎን ለጎን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለፌዴራል ፖሊስ በጽሑፍ ማመልከት አይቀርም፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የበረራ ቀን፣ የመጨረሻው ቦታ የታየበት ካርታ፣ የግቢው ስም ከታወቀ እሱም ተያይዞ። በሰው ንግድ የተጠረጠረውን ደላላ ለመክሰስ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ ክሱ የሚቆመው ግን በማስረጃ ነው። በንዴት ቻቱን ማጥፋት፣ ደላላውን በፌስቡክ ስሙን ጠርቶ ማስጮህና እንዲሰወር ማድረግ ጉዳዩን ያበላሻል።

እነዚያ መልእክቶች ለተጎጂውም ይጠቅሙታል። ከግቢው ወጥቶ ታይላንድ የገባ ሰው ድንበር በሕገወጥ መንገድ ተሻግሯልና በመጀመሪያ ይጣራል፤ በባለሥልጣናቱ ፊት የሰው ንግድ ተጎጂ መሆኑን ወይም ወዶ የሄደ መሆኑን የሚለዩት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የራሱ ስልክ ስለተወሰደ በእጁ ምንም ላይኖረው ይችላል። ከመነሳቱ በፊት ማስታወቂያውን፣ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የትኬቱን ከፋይ ስምና ከቀጣሪው ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ልኮ ከሆነ ግን፣ ባንኮክ ውስጥ ሥራ ቃል ተገብቶለት መሄዱን ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ ወይም ከደሴ ሆኖ ሊያስረዳለት ይችላል።